«የቪዲዮ ሪኮመንዴሽን ሲስተም ንደፉ» ስትባሉ፦ የማሽን ለርኒንግ ዲዛይን ኢንተርቪው መልስ ከዳታ እስከ ሰርቪንግ

ጥያቄው ብዙ ጊዜ አጭር ነው። «የቪዲዮ መተግበሪያ አለን። መነሻ ገጹ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው የሚስማማውን ቪዲዮ የሚመርጥ ሲስተም እንዴት ትሠሪያለሽ?» ከዚያ ጠያቂው እስክሪብቶውን ይዞ ዝም ይላል። 45 ደቂቃ ገደማ አለ።

አብዛኛው ሰው በቀጥታ ወደ ሞዴሉ ይሮጣል። ዕጩ ለማውጣት ሁለት ታወር፣ ከዚያ ለመደርደር ራንከር፣ ከዚያ ኤ/ቢ ቴስት ይላል። ስህተት የለውም። የዩቲዩብ መሐንዲሶች በ2016 ባሳተሙት ጽሑፍ ሥራውን ለሁለት ከፍለው አሳይተዋል፦ መጀመሪያ ከሚሊዮኖች ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዕጩ ቪዲዮዎችን ማውጣት፣ ቀጥሎ እነሱን በደረጃ መደርደር። ዛሬ ይህን ሥዕል ለኢንተርቪው የተዘጋጀ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ጥሩውን መልስ ከተራው የሚለየው ሥዕሉ አይደለም። እኔ የምፈልገው አንድ ክር ነው። ምን ለመተንበይ እንደወሰናችሁ፣ ያ ውሳኔ ዳታችሁን እንዴት እንደቀረጸው፣ ዳታው የምትለኩበትን መንገድ እንዴት እንደወሰነው፣ ሰርቪንጉ፣ ማለትም ሞዴሉን ሥራ ላይ አውሎ ገጹን ለሰው ማድረሱ፣ ደግሞ ያንን ሁሉ እንዴት እንደሚያበላሽ ወይም እንደሚጠብቅ። ከታች ያለው አካሄድ ይህን ክር ሳይበጠስ ይዞ መጨረሻ የሚደርስ ነው።

ጊዜውን በግምት እንዲህ ክፈሉት፦ ለጥያቄ ማጥበብ 5 ደቂቃ፣ ለግብና ለዳታ 15፣ ለሞዴል 7፣ ለግምገማ 10፣ ለሰርቪንግ የቀረው። ሞዴሉ ትንሽ ጊዜ ማግኘቱ ሆን ተብሎ ነው።

1ኛ፦ ጥያቄውን አጥብቡ፣ ቁጥሮቹን ቦርዱ ላይ ጻፉ

አራት ነገር ብቻ ጠይቁ። ድርጅቱ በመጨረሻ የሚፈልገው ምንድን ነው? ስንት ሰው፣ ስንት ቪዲዮ አለ? ገጹ በምን ያህል ጊዜ መድረስ አለበት? አሁን ምን እየሠራ ነው? አሥራ አምስት ጥያቄ መደርደር ጊዜ መግደል ነው። ጠያቂው «አንቺ ገምቺ» ካለ ገምቱ፤ ግምታችሁን ጮክ ብላችሁ ተናገሩና ቀጥሉ።

ለእኛ ምሳሌ እንዲህ እንበል። በቀን 10 ሚሊዮን ሰው ይገባል። እያንዳንዱ መተግበሪያውን 5 ጊዜ ይከፍታል። 1 ሚሊዮን ቪዲዮ አለ። ገጹ በ200 ሚሊሰከንድ ውስጥ መዘጋጀት አለበት። አሁን ለሁሉም የሚታየው አንድ ዓይነት የታዋቂ ቪዲዮዎች ዝርዝር ነው። ድርጅቱ የሚፈልገው ደግሞ ሰዎች ነገም ተነገ ወዲያም ተመልሰው እንዲመጡ ነው።

```
10,000,000 × 5 = 50,000,000 ጥያቄ በቀን
50,000,000 / 86,400 ≈ 580 ጥያቄ በሰከንድ
በጫና ሰዓት 3 እጥፍ ≈ 1,740 ጥያቄ በሰከንድ
```

ይህን ስሌት ለጌጥ አትጻፉት፤ ወዲያው ተጠቀሙበት። በሰከንድ 1,740 ጥያቄ እየመጣ ለእያንዳንዱ 1 ሚሊዮን ቪዲዮ በከባድ ሞዴል ነጥብ እንስጥ ካልን፣ በሰከንድ 1.74 ቢሊዮን ነጥብ ነው። አያዋጣም። ስለዚህ በርካሽ መንገድ ወደ 500 እናውርድ፣ 500ውን በከባዱ ሞዴል እንደርድር። አሁን ሁለቱ ደረጃዎች ከራሳችሁ ቁጥር ወጡ። ከየት አመጣሽው ቢባል መልስ አለ።

2ኛ፦ የምትተነብዩትን ነገር ወስኑ

መልሱ ሁሉ የሚንጠለጠለው እዚህ ላይ ስለሆነ አትቸኩሉ።

የድርጅቱ ግብ ሰው ተመልሶ መምጣቱ ነው። ሞዴል ግን በዚህ ላይ በቀጥታ ማሠልጠን ከባድ ነው። ውጤቱ የሚታወቀው ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ነው። ሰውየው የተመለሰው ከሃምሳ ቪዲዮ በየትኛው ምክንያት እንደሆነም አይታወቅም። ስለዚህ ቶሎ የሚታይ፣ ከግቡ ጋር የሚሄድ ምትክ ምልክት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ምትክ ክሊክ ነው። ችግሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። አጓጊ ርዕስና የተጋነነ ፎቶ ያለው ቪዲዮ ይጫናል፤ ከ5 ሰከንድ በኋላ ይዘጋል። ሁለተኛው የመታያ ጊዜ ነው። ዩቲዩብ በ2012 ትኩረቱን ከእይታ ብዛት ወደ መታያ ጊዜ ያዞረው በዚሁ ምክንያት ነው። እሱም የራሱ ጣጣ አለው። የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ሩቡ ብቻ ታይቶ እንኳ ከጥሩ የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ይበልጣል።

እኔ የምመርጠው ሦስት ነገር ለየብቻ መተንበይ ነው። አንደኛ፣ ሰውየው ይጫነው ይሆን? ሁለተኛ፣ ከተጫነው በደንብ ያየው ይሆን? «በደንብ» ማለት ግማሹን ወይም 2 ደቂቃ፣ ቀድሞ የመጣው። ሦስተኛ፣ «ይህን አታሳዩኝ» የሚለውን ይነካ ይሆን? ከዚያ አንድ ነጥብ ይሆናሉ፦

```
score = p_click * p_good - w * p_hide
```

`p_good` ከተጫነ በኋላ ያለው ዕድል መሆኑን፣ `w` ደግሞ ለ«አታሳዩኝ» የምትሰጡት ክብደት መሆኑን በቃል ግለጹ። ከዚያ አንድ ትንሽ ምሳሌ ስሩ። ቪዲዮ ሀ የመጫን ዕድሉ 10 በመቶ ነው፤ ከተጫነ በደንብ የመታየት ዕድሉ 20 በመቶ። ቪዲዮ ለ የመጫን ዕድሉ 4 በመቶ፣ በደንብ የመታየት ዕድሉ 70 በመቶ። «አታሳዩኝ» የሚለውን ለጊዜው ብንተወው፣ ሀ የሚያገኘው 0.02 ነው፤ ለ 0.028። ስለዚህ ለ ከላይ ይቀመጣል። በክሊክ ብቻ ብንደረድር ሀ ከእጥፍ በላይ ይበልጥ ነበር። በግማሽ ደቂቃ የሚሠራ ምሳሌ ነው፤ ጠያቂው ግን ውሳኔያችሁ ገጹን እንዴት እንደሚለውጥ በዓይኑ ያያል።

መለያየቱ ሌላም ጥቅም አለው። `w`ን መቀየር ቢያስፈልግ ሞዴሉን እንደገና ማሠልጠን አያስፈልግም። የሆነ ነገር ሲበላሽም የትኛው ትንበያ እንደተዛባ ማየት ይቻላል። ዋጋው ደግሞ ይህ ነው፦ ነጥቦቹን ስለምናባዛቸው እያንዳንዳቸው እውነተኛ ዕድል መሆን አለባቸው። ትክክለኛ ቅደም ተከተል መስጠታቸው ብቻ አይበቃም። ይህን ያዙት፤ ዳታው ላይ መልሶ ይመጣል።

3ኛ፦ ዳታው

የሥልጠና ሠንጠረዣችሁ አንድ ረድፍ ምንድን ነው? ይህን ሳይመልሱ ስለ ዳታ ማውራት በአየር ላይ መገንባት ነው። የእኛ ረድፍ አንድ ኢምፕሬሽን ነው፤ ማለትም አንድ ቪዲዮ ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ስክሪኑ ላይ መታየቱ።

«መታየት» ግን ምንድን ነው? ሰርቨሩ 30 ቪዲዮ ልኮ ሰውየው ከላይ ያሉትን 10 ብቻ አይቶ ሊወጣ ይችላል። 30ውንም ከቆጠርን፣ ዓይኑ ያላረፈባቸው 20 ቪዲዮዎች «አልወደዳቸውም» ተብለው ይመዘገባሉ። ሞዴሉም ከታች የሚቀመጥ ሁሉ መጥፎ ነው ብሎ ይማራል። ስለዚህ ስልኩ ራሱ ይመዝግብ፦ የቪዲዮው ሥዕል ቢያንስ ግማሹ ለአንድ ሰከንድ ከታየ ኢምፕሬሽን ነው።

በቀን 50 ሚሊዮን ጊዜ ተከፍቶ በአማካይ 10 ከታየ 500 ሚሊዮን ረድፍ ይሆናል። 4 በመቶው ከተጫነ 20 ሚሊዮን አዎንታዊ፣ 480 ሚሊዮን አሉታዊ አለ። ሁሉንም መያዝ ወጪ ነው፤ ከአሉታዊዎቹ ከአሥር አንዱን ብቻ እናስቀር። 48 ሚሊዮን ይቀራል። አሁን ግን በዳታው ውስጥ የተጫነው 4 በመቶ መሆኑ ቀርቷል፤ ወደ 29 በመቶ ወጥቷል። ሞዴሉም ያንን ይማራል። ቅድም ነጥቦቹ እውነተኛ ዕድል ይሁኑ ብለናልና መመለስ አለብን፦

```
p = q / (q + (1 - q) / r)

q = 0.294   (ሞዴሉ ያለው)
r = 0.1     (ያስቀረነው የአሉታዊ ድርሻ)
p = 0.294 / (0.294 + 7.06) ≈ 0.04
```

ብዙ ተፈታኝ አሉታዊ ረድፎችን እቀንሳለሁ ይላል፤ መመለሱን ይረሳዋል። ክሊክን ብቻ ለመደርደር ቢሆን ቅደም ተከተሉ ስለማይቀየር ምንም አይደል። የእኛ ቀመር ግን `p_hide`ን ይቀንሳል። `p_click` ያለ አግባብ ከተነፋ የቅነሳው ክብደት ይጠፋል፤ ሰዎች የጠሉት ቪዲዮ ተመልሶ ይወጣል።

የጊዜ ፍሳሽ

ከዳታ ክፍል አንድ ነገር ብቻ በጥልቀት ለማስረዳት ጊዜ ካላችሁ ይህን ምረጡ።

አንድ ፊቸር፣ ማለትም ለሞዴሉ የሚሰጥ አንድ መረጃ፣ እንውሰድ፦ «ቪዲዮው ባለፉት 7 ቀናት ስንት ጊዜ ተጫነ።» ቪዲዮው መተግበሪያው ላይ የወጣው ሰኞ ነው እንበል። አንድ ሰው ማክሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ አየውና ነካው። እኛ የሥልጠና ዳታውን የምናዘጋጀው ዓርብ ነው። ፊቸሩን ከዓርቡ ሠንጠረዥ ካመጣን ቁጥሩ 9,000 ሊሆን ይችላል። ማክሰኞ ጠዋት ግን 40 ብቻ ነበር። ከዚህም በላይ፣ 9,000ው ውስጥ ይህ ሰውዬ ራሱ የነካው አለበት። መልሱን ለተማሪው ከጥያቄው ጋር እንደ መስጠት ነው።

ምልክቱ ይታወቃል። የቅደም ተከተል መለኪያው ኤዩሲ ድንገት ከ0.75 ወደ 0.9 ይዘላል፤ ሁሉም ሰው ይደሰታል፤ ሞዴሉ ሰው ፊት ሲወጣ ምንም ለውጥ የለም። ለማጣራት ሞዴሉ በጣም የተማመነበትን ፊቸር ያዙ። በሥልጠና ዳታው ያለውን ስርጭት፣ ትክክለኛው ሰርቨር በዚያው ሰዓት ከተጠቀመበት ጋር አወዳድሩት። ለአዳዲስ ቪዲዮዎች ሁለቱ ከተራራቁ ፍሳሽ አለ።

መፍትሔው ፊቸሩን በኋላ ከማስላት ይልቅ፣ ገጹ ሲዘጋጅ ሞዴሉ ያየውን ቁጥር እዚያው መመዝገብ ነው። የተደረገው ነገር በኋላ በ`request_id` ይጣመራል፦

```
request_id, user_id, video_id, position,
shown_at, model_version, features,
clicked, watched_sec, hidden
```

ይህ አካሄድ ዋጋ አለው፤ እናንተው ቀድማችሁ ተናገሩት። ዛሬ አዲስ ፊቸር ካሰባችሁ፣ ለማሠልጠን የሚበቃ ዳታ እስኪጠራቀም ሁለት ሳምንት መጠበቅ ሊኖርባችሁ ነው። መጠበቅ ካልተቻለ፣ እያንዳንዱ ክስተት ከነሰዓቱ የተቀመጠበትን መዝገብ ይዞ በ`shown_at` ሰዓት የነበረውን ቁጥር መልሶ ማስላት ይቻላል። ከባድ ሥራ ነው፤ ግን ይሠራል።

ሌላው መዛባት ቦታ ነው። ከላይ የተቀመጠ ቪዲዮ ከላይ በመሆኑ ብቻ ይጫናል። ቀላሉ መንገድ ስናሠለጥን `position`ን እንደ ፊቸር መስጠት፣ ስንጠቀም ደግሞ ለሁሉም ቪዲዮ አንድ ዓይነት ቁጥር ማስገባት ነው። ዩቲዩብ በ2019 ባሳተመው ሥራ ቦታን ለብቻው በትንሽ የጎን ሞዴል ይዞታል። ሐሳቡ አንድ ነው፦ የቦታው ውለታ ለቪዲዮው እንዳይቆጠር።

4ኛ፦ ሞዴሉ

እዚህ ቶሎ እለፉ። ለዕጩ ማውጣት ሁለት ታወር ይበቃል። አንዱ ሰውየውን፣ ሌላው ቪዲዮውን ወደ 64 ቁጥሮች ይቀይራል፤ የሚቀራረቡ ይገናኛሉ። 1 ሚሊዮን ቪዲዮ በ64 ቁጥር፣ እያንዳንዱ 4 ባይት፣ 256 ሜጋባይት ነው። በአንድ ማሽን ሜሞሪ ውስጥ በደንብ ይገባል። ይህን አስልቶ የተናገረ ሰው «ትልቅ የቬክተር ዳታቤዝ ያስፈልጋል» ከሚል ሰው የበለጠ ያሳምነኛል። ከዚህ ጎን የተከታተላቸውን ቻናሎች አዲስ ቪዲዮና በቋንቋው ታዋቂ የሆኑትን ጨምሩ፤ አንዱ ምንጭ ሲሳሳት ሌላው ይደርሳል።

አንድ ወጥመድ ብቻ ጥቀሱ። የዕጩ ማውጫው በኢምፕሬሽን ዳታ ብቻ ከሠለጠነ ያየው ሁሉ አንድ ጊዜ የተመረጠ ቪዲዮ ነው። ሥራው ግን ከ1 ሚሊዮኑ ሁሉ መለየት ነው፤ ፈጽሞ የማይመለከተውን አይቶ አያውቅም። ስለዚህ አሉታዊ ምሳሌዎቹ ከጠቅላላው ክምችት ይወሰዱ። በአንድ ባች ውስጥ ያሉትን የሌሎች ሰዎች ቪዲዮ እንደ አሉታዊ ከተጠቀማችሁ፣ ታዋቂ ቪዲዮዎች በተደጋጋሚ ስለሚገኙ ያለ ጥፋታቸው ይቀጣሉ። ያንን በቪዲዮው የመገኘት ድግግሞሽ ሎጋሪዝም ማካካስ የተለመደ ነው።

ራንከሩ ታችኛው ክፍሉ የጋራ የሆነ፣ ከላይ ሦስት መውጫ ያለው ኒውራል ኔትወርክ ይሁን፤ ሦስቱ መውጫዎች ሦስቱ ትንበያዎቻችን ናቸው። መነሻ ማወዳደሪያው አሁን ያለው የታዋቂዎች ዝርዝር ነው። ከዚያ ቀላል ሎጂስቲክ ሪግሬሽን። ትልቁ ሞዴል ከቀላሉ ካልበለጠ ችግሩ ዳታው ላይ ነው።

5ኛ፦ ግምገማው

ዳታውን በዘፈቀደ አትክፈሉት። በ14 ቀን አሠልጥኑ፣ በ15ኛው ቀን ፈትኑ። በዘፈቀደ ከተከፈለ የአንድ ሰው የሐሙስ ጠባይ ለሥልጠና ገብቶ የረቡዕ ጠባዩ ፈተና ይሆናል፤ ይህ ያው ቅድም ያየነው የጊዜ ፍሳሽ ነው።

ሁለቱን ደረጃዎች በአንድ መለኪያ አትለኩ። ዕጩ ማውጫው የሚጠየቀው፦ ሰውየው በማግስቱ በደንብ ካያቸው ቪዲዮዎች ስንቱ 500ው ውስጥ ነበሩ? 10 አይቶ 6ቱ ካሉበት 60 በመቶ ነው። እሱ ያላመጣውን ራንከሩ ከየትም አያመጣውም። ራንከሩ ደግሞ በሁለት ነገር ይለካል። አንዱ ቅደም ተከተል ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው ተሰልቶ በኋላ አማካይ ይወሰድ። ሁሉንም ሰው ቀላቅላችሁ ካሰላችሁ፣ ብዙ የሚጫን ሰውን ከማይጫን ሰው መለየቱ ብቻ ውጤቱን ያሳምረዋል። እሱ ገጹን ለመደርደር ምንም አይጠቅምም። ሌላው ካሊብሬሽን ነው፦ ሞዴሉ 4 በመቶ ያላቸውን ሰብስባችሁ ስታዩ እውነት ከመቶ አራቱ ተጭነዋል? ቀመራችን የቆመው በዚህ ላይ ነውና አትዝለሉት።

ሁሉንም ውጤት ቆራርጣችሁ እዩ። ከ5 ቪዲዮ በታች ያዩ አዲስ ሰዎች፣ ከ24 ሰዓት በታች ዕድሜ ያላቸው ቪዲዮዎች፣ ቋንቋ በቋንቋ። አማካዩ አድጎ አዲስ ሰዎች ላይ የወረደ ሞዴል የነገ ተጠቃሚን ያሳጣል።

ቀጥሎ የኦፍላይን ግምገማን፣ ማለትም በተመዘገበ ዳታ ብቻ የሚደረገውን፣ ገደብ ተናገሩ። ዳታው የመጣው አሮጌው ሲስተም ካሳየው ነው። አዲሱ ሞዴል ማንም ያላየውን ድንቅ ቪዲዮ ቢያመጣ መልስ ስለሌለው እንደ ስህተት ይቆጠርበታል። ስለዚህ ኦፍላይን ቁጥር መጥፎውን ለመጣል ይጠቅማል፤ የመጨረሻውን ለመምረጥ ግን አይበቃም። ለማቃለል በ1 በመቶ ጥያቄዎች ላይ አንዱን ቦታ ለዘፈቀደ ዕጩ ስጡ። ከዚያ የሚመጣው ዳታ ትንሽ ነው፤ ግን ከአሮጌው ሲስተም ምርጫ ነጻ ነው።

ኤ/ቢ ቴስቱን «ኤ/ቢ ቴስት እሠራለሁ» ብላችሁ አትለፉት። ክፍፍሉ በሰው ይሁን፤ በጥያቄ ከሆነ አንዱ ሰው ጠዋት አንዱን ማታ ሌላውን ያያል፤ የመመለሱ ምክንያት አይታወቅም። ዋና መለኪያ አንድ ምረጡ። ለምሳሌ በቀን ውስጥ ቢያንስ አንድ ቪዲዮ በደንብ ያዩ ሰዎች ድርሻ፣ አሁን 40 በመቶ። ወደ 40.4 ማደጉን ለማየት ስንት ሰው ያስፈልጋል? በተለመደው ግምት፦

```
n ≈ 16 × p(1 - p) / d²
  = 16 × 0.24 / 0.004²
  = 240,000 ሰው በአንድ ቡድን
```

በቀን 10 ሚሊዮን ሰው ላለው መተግበሪያ ይህ ጥቂት ነው፤ ለእያንዳንዱ ቡድን 3 በመቶ ሰጥቶ መጀመር ይበቃል። ጊዜውን ግን አታሳጥሩ። አዲስ ገጽ ለጥቂት ቀን በአዲስነቱ ብቻ ይነካል፤ የሳምንቱ መጨረሻም ከሥራ ቀን ይለያል። ሁለት ሙሉ ሳምንት ይሁን። ከጎን መውደቅ የሌለባቸውን ጠብቁ፦ «አታሳዩኝ» የሚሉ ሰዎች፣ የገጹ ፍጥነት፣ ለትናንሽ ቻናሎች የሚደርሰው ድርሻ። የመጀመሪያው ግብ ሰው ተመልሶ መምጣቱ ስለነበር ደግሞ 1 በመቶ ሰው ለወራት በአሮጌው ላይ እንዲቆይ አድርጉ። ምትክ ምልክታችን እውነት ከግቡ ጋር እንደሚሄድ የምናውቀው እነሱን ስናወዳድር ነው።

6ኛ፦ ሰርቪንጉ

ሳጥን ከመሳል አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተጓዙ። ሰውየው መተግበሪያውን ከፈተ፦

```
የሰውየውን ፊቸር ማምጣት        15 ms
ታወርና የዕጩ ፍለጋ            25 ms
የ500 ቪዲዮ ፊቸር ማምጣት       40 ms
ራንከሩ                   50 ms
ማጣሪያ                    10 ms
ድምር                     140 ms
```

60ው ለኔትወርክና ለመጠባበቂያ ነው። ቁጥሮቹ አማካይ ሳይሆኑ ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ ጥያቄ የሚገባበት ገደብ መሆናቸውን ተናገሩ።

ብዙ ሰው የሚፈራው ሞዴሉን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጊዜውን የሚበላው ፊቸር ማምጣቱ ነው። ለ500 ቪዲዮ 500 ጊዜ ዳታቤዝ መጠየቅ በጀቱን ይጨርሰዋል። በአንድ ጥሪ ይምጣ፤ ከተቻለም የቪዲዮ ፊቸሮች እዚያው ራንከሩ ማሽን ላይ ይቀመጡ። ለአንድ ቪዲዮ 1 ኪሎባይት ቢሆን ለሚሊዮኑ 1 ጊጋባይት ነው። በየጥቂት ደቂቃው ይታደስ። ሰውየው አሁን ያየው ቪዲዮ ግን በሰከንዶች ውስጥ መድረስ አለበት፤ አለበለዚያ የጨረሰውን ቪዲዮ መልሶ ያየዋል።

የቪዲዮዎቹ 64 ቁጥሮች ቀድመው ተሰልተው ይቀመጣሉ፤ የሰውየው በየጥያቄው ይሰላል። እዚህ ላይ ሰዎች የማያስቡት አደጋ አለ። ሁለቱ ታወሮች አብረው ነው የሠለጠኑት። አዲሱ የሰው ታወር ወጥቶ የቪዲዮዎቹ ቁጥሮች ገና የአሮጌው ከሆኑ፣ ሁለቱ በተለያየ ቋንቋ ነው የሚያወሩት። ኤረር አይመጣም፤ ፍጥነቱም ደህና ነው። የሚመጡት 500 ቪዲዮዎች ግን የዘፈቀደ ያህል ናቸው። ስለዚህ የቪዲዮዎቹ ቁጥሮች የተቀመጡበት ኢንዴክስ ላይ የሞዴሉ ቨርዥን ይጻፍ፤ የሰው ታወሩም ቨርዥኑ ካልተስማማ አይጠይቅ። አዲሱ ኢንዴክስ ሙሉ በሙሉ ተሠርቶ ከጎን ይቆይ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ይቀየሩ። አሮጌውም ለመመለስ እንዲመች ለጥቂት ቀን አይጣል።

አዲስ ቪዲዮ ታሪክ የለውም። በርዕሱ፣ በቋንቋውና በቻናሉ ብቻ ቁጥሮቹን ይወስዳል፤ ገጹ ላይም አንድ ቦታ ለአዲሶች ይመደብ። ራንከሩ በጊዜው ካልመለሰ ደግሞ ዕጩዎቹ በመጡበት ቅደም ተከተል ይታዩ፤ እነሱም ከሌሉ የታዋቂዎቹ ዝርዝር። ባዶ ገጽ መቼም አይታይ።

7ኛ፦ የመጨረሻው ጥያቄ

ደቂቃዎች ሲቀሩ ይህ ይመጣል፦ «ሲስተሙ ከወጣ ከሦስት ሳምንት በኋላ በደንብ የሚታየው ቁጥር 5 በመቶ ወረደ። ከየት ትጀምሪያለሽ?» እንደገና አሠለጥናለሁ አትበሉ። መጀመሪያ ቁጥሩን ራሱን ጠርጥሩ። አዲስ የስልኩ መተግበሪያ ወጥቶ ምዝገባው ተበላሽቶ ይሆናል፤ በመተግበሪያ ቨርዥን ከፋፍሉት። ቀጥሎ ስንት በመቶ ገጽ በመጠባበቂያው ዝርዝር እንደተሞላ እዩ። ከ0.1 ወደ 8 በመቶ ከወጣ ጉዳዩ የፍጥነት ነው፤ ሞዴሉን አትንኩት። ከዚያ የእያንዳንዱን ፊቸር ባዶ የሆነ ድርሻ ከሦስት ሳምንት በፊት ከነበረው ጋር አወዳድሩ። ድንገት ዜሮ የሆነ ፊቸር ካለ፣ ዳታውን የሚያቀርበው ቡድን ሠንጠረዡን ቀይሮ ሊሆን ይችላል። ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ካሊብሬሽኑን ቀን በቀን ሳሉት። በአንድ ቀን የተሰበረ መስመር አንድ ለውጥ መውጣቱን ይናገራል፤ በዚያ ቀን የወጣውን መልሱ። ቀስ እያለ የወረደ መስመር ደግሞ የሰዉ ፍላጎት ወይም የቪዲዮው ክምችት መቀየሩን ይናገራል። በአዲስ ዳታ እንደገና የምታሠለጥኑት ያኔ ነው።